ስሎፑ በሙሉ 89 ዲግሪ አለኝ፤ ተራራ ላይ ለታንከር ቦታ እየመረጥኩ ነው

ምንጭ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ታቦር አካባቢ አንዲት ምንጭ እያጎለበትን ነው። ምንጯ ከላይ ናት፣ ቦኖው ታች መንደሩ ጋ። መሀል ላይ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ማስቀመጥ አለብን። ተዳፋቱን ሁሉ በእግሬ ከማዳርስ ብዬ ዲኢኤም የሚሉትን የ30 ሜትር የከፍታ ካርታ አወረድኩና QGIS በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ስሎፕና አስፔክት፣ ማለትም የተዳፋቱን ዳገትነትና ፊቱ የሚያይበትን አቅጣጫ፣ አሠራሁ። ስሎፑ ሁሉም ቦታ 89.9 ዲግሪ ሆነ። ሜዳውም፣ ገደሉም። አስፔክቱን ደግሞ ለምን እንደምጠቀምበት እንኳ በቅጡ አልገባኝም፤ ይሠራ ስለተባልኩ ነው የሠራሁት። ምን አጠፋሁ?

ባለ ሮቶ
እኔ ጣራዬ ላይ 2 ሺህ ሊትር አስቀምጫለሁ። ዋናው ነገር የሚያርፍበት ብረት ነው እህቴ። ብየዳውን ደህና ባለሙያ ይሥራው፤ ቆርቆሮው ተዳፋት ቢሆንም ችግር የለውም።

ምንጭ ዳር
ወንድሜ ጣራ አይደለም፣ ተራራ ነው።

ባለ ሮቶ
ውይ ይቅርታ፣ ታንከር የሚለውን ብቻ አይቼ ነው። 89 ዲግሪ ከሆነ ግን ብረቱም አያድነውም።

ካርታ ቤት
ተራራሽ ደህና ነው፣ የተምታታው መለኪያው ነው። ያወረድሽው ፋይል አግድም ርቀቱ በዲግሪ፣ ከፍታው ደግሞ በሜትር ነው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅልሽም። የአንዱን ፒክሰል ስፋት 0.000278 አድርጎ ያነበዋል፤ በዚያች ስፋት ላይ 5 ሜትር ከፍታ ካየ ለእሱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ሁሉም ነገር ወደ 90 የሚጠጋው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ወደ ሜትር ለውጪው። ደብረ ታቦር በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለሆነች እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

```
gdalwarp -t_srs EPSG:32637 -tr 30 30 -r bilinear dem.tif dem_utm.tif
gdaldem slope dem_utm.tif slope.tif
gdaldem aspect dem_utm.tif aspect.tif
```

`-r bilinear` የምትለዋን እንዳትዘያት። ካልጻፍሻት የቅርቡን ፒክሰል ዋጋ እንዳለ ገልብጦ ያስቀምጣል። ከፍታው ላይ ምንም አይታወቅም፤ ስሎፑ ላይ ግን ቀጥ ያሉ መስመሮች እንደ ፍርግርግ ብቅ ይላሉ። ተራራ ላይ እንደዚያ ያለ መስመር ካየሽ የተፈጥሮ አይደለም፣ የራስሽ ሥራ ነው።

የጂአይኤስ ተማሪ
በ30 ሜትር ለታንከር ቦታ መምረጥ ከባድ ነው። የ12.5 ሜትር ዲኢኤም በነፃ አለ፣ የአሎስ ፓልሳር የሚባለው። እሱን ብትጠቀሚ ይሻላል። አስፔክቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ምረጪ። ውሃው አይሞቅም።

ካርታ ቤት
ተማሪው ግማሹን ልክ ነህ። 30 ሜትር ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው፣ እውነት። ግን ያ የ12.5 ሜትሩ ፋይል አዲስ የተለካ ከፍታ አይደለም። ለራዳር ምስሉ ማረሚያ ተብሎ ከጠፈር በራዳር የተለካውን፣ ኤስአርቲኤም የሚባለውን ያንኑ የ30 ሜትር ከፍታ አድቅቀው ያስቀመጡት ነው። ፒክሰሉ አነሰ እንጂ የተጨመረ መረጃ የለም። አንድን እንጀራ ብዙ ቦታ ብትቆርሰው እንጀራው አይበዛም።

ፀሐዩም እንደዚያው ነው። 12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ ነው ያለነው። በበጋ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ሰኔ ላይ ግን በሰሜን በኩል ናት። እንደ አውሮፓ ዓመቱን ሙሉ ደቡብ ላይ አትቀመጥም። በዚያ ላይ የሮቶ ውሃ ላይ አረንጓዴ ነገር የሚበቅለው በግድግዳው ብርሃን ሲገባ ነው። ጥቁር ወይም ብርሃን የማያስገባ ሮቶ ግዢ፣ ያልቃል።

ምንጭ ዳር
ተባረክ። ስሎፑ ተስተካከለ፣ አሁን ከ3 እስከ 34 ድረስ ይላል። ሁለት ቦታ ለየሁና ዛሬ ሁለቱንም ሄጄ አየኋቸው፤ ሌላ ግራ መጋባት ይዤ ተመለስኩ።

ቦታ "ሀ" ካርታው ላይ 22 ዲግሪ ነው። ቆሜ ሳየው ግን ያን ያህል አይደለም፣ እየተነጋገርኩ ነው የወጣሁት። ቦታ "ለ" ለጥ ያለ ነው፣ 6 ዲግሪ። የአራቱን ፒክሰሎች አስፔክት አማካይ ሳወጣ 182 መጣ፣ ማለትም ደቡብ። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ ሳዞር ወደ ሰሜን ነው የማየው። በስልኬ ኮምፓስም አረጋገጥኩ።

ካርታ ቤት
የ"ለ"ን አራቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ። የ"ሀ"ን ደግሞ የዘጠኙን ፒክሰል ከፍታ፣ መሀሉንና ዙሪያውን።

ምንጭ ዳር
"ለ"፦ 355፣ 8፣ 350፣ 15።
"ሀ" ይኸውና፣ ላይኛው ረድፍ ሰሜን ነው፦

```
2741  2738  2734
2726  2722  2717
2720  2715  2711
```

ካርታ ቤት
"ለ" ቀላል ነው። አስፔክት ክብ ነው፤ 355 እና 8 ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም ሰሜን። ደምረሽ ለአራት ስታካፍይ ግን 182 ይወጣል፣ ልክ ተቃራኒው። ከ360 የቀረቡትን 355 እና 350 እንደ -5 እና -10 ብትቆጥሪያቸው አማካዩ 2 ዲግሪ ነው። ኮምፓስሽ ትክክል ነው። አስፔክትን በቀጥታ አማካይ አታድርጊው፤ ብዙ ፒክሰል ከሆነ የሳይኑንና የኮሳይኑን አማካይ ለየብቻ አውጥተሽ ነው ወደ ዲግሪ የምትመልሽው።

አሁን "ሀ"። ፕሮግራሙ የሚያደርገውን በእጃችን እናድርገው። የምሥራቁን ዓምድ ትደምሪያለሽ፣ የመሀከሉን ቁጥር ሁለት ጊዜ ቆጥረሽ። የምዕራቡንም እንደዚያው። ልዩነቱ 34 ነው። ሰሜንና ደቡብን በተመሳሳይ ስታደርጊ 90 ይመጣል። ሁለቱንም ለ240 ታካፍያለሽ፣ ይህ 8 ጊዜ 30 ሜትር ነው፦

```
34 / 240 = 0.142
90 / 240 = 0.375
sqrt(0.142^2 + 0.375^2) = 0.40  ->  21.8
```

ስለዚህ ስሌቱ አልተሳሳተም። ግን ከፍታዎቹን ከላይ ወደ ታች በመሀል ዓምድ አንብቢያቸው። ከ2738 ወደ 2722 በአንዴ 16 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ 2715 ደግሞ 7 ሜትር ብቻ። ያ የላይኛው ረድፍ ላይ ምን አለ?

ምንጭ ዳር
ባህር ዛፍ! ከበላዩ ያለው ሁሉ የገበሬዎቹ ባህር ዛፍ ነው።

ካርታ ቤት
በቃ። ይህ ዲኢኤም መሬቱን አይደለም የሚያየው፣ ራዳሩ የመታውን ነው። የደን ጫፍ እንደ ትንሽ ገደል ይመጣል። ዛፉ 10 ሜትር ጨመረ ብለን ከላይኛው ረድፍ ብንቀንሰው 90 የነበረው 50 ይሆናል፣ ስሎፑም ወደ 14 ይወርዳል። አንቺ ቆመሽ ያየሽው ይህን ነው። ፊቱም፣ ማለትም አስፔክቱ፣ በእነዚሁ ቁጥሮች ከ159 ወደ 146 ይመለሳል፣ ደቡብ ምሥራቅ። አገራችን ላይ ባህር ዛፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ ያለ ስሎፕ ሁሉ መጠርጠር አለበት፤ ብዙ ጥሩ ቦታ በዚህ ምክንያት ካርታ ላይ ይወድቃል። በተቃራኒው ደግሞ፣ ዛፉ ከታች በኩል ከሆነ ቀጥ ያለውን ቦታ ለጥ ያለ ያስመስለዋል። እሱ ነው የባሰው።

ግንበኛው
ልጄ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቀውም፣ ግን 22 እና 14 ትልቅ ልዩነት ነው። 4 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ስትቆርጪ በ14 ዲግሪ ከኋላ 1 ሜትር ትቆፍሪያለሽ። በ22 ከ1 ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ያኔ ከኋላው ደህና የድጋፍ ግንብ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ መንደር ላይ ግማሹን ቆርጠን፣ የቆረጥነውን አፈር ወደ ፊት ገፍተን፣ በላዩ ላይ ኮንክሪት አፈሰስን። ሥራ አነሰልን ብለን ነበር። ታንከሩ ሲሞላ 10 ቶን ነው። ክረምቱ ሳያልቅ የፊተኛው ጎን ሰመጠና ታንከሩ አዘመመ፤ መውጫ ቧንቧው ከአንገቱ ተሰነጠቀ። ሁሉንም አፈረስነው። ታንከሩ በሙሉ ባልተነካ መሬት ላይ ይረፍ። የተደለደለው አፈር መሄጃ ይሁን። ከበላዩም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጪለት፣ ያለዚያ ጎርፉ መደቡን ከሥር ይበላዋል።

ካርታ ቤት
ጋሼ ያሉት ቦይ ላይ ነው አስፔክቱ ሥራ የሚያገኘው። ጎርፉ የሚመጣው ከፊቱ ተቃራኒ ነው። "ሀ" 146 ከሆነ ከ326 አቅጣጫ፣ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ቦይሽ ያንን አቋርጦ ወደ ጎን ይውሰደው። የታንከሩ ትርፍ ውሃ መውጫ ደግሞ ወደ 146 ይሁን፣ መደቡን ሳይነካ።

የጂአይኤስ ተማሪ
ግፊቱንም ከዲኢኤሙ ማውጣት ይቻላል አይደል? "ሀ" 2722 ነው፣ ቦኖው ስንት ነው?

ምንጭ ዳር
ቦኖው 2690። 32 ሜትር ልዩነት፣ 3 ባር ገደማ ማለት ነው።

ግንበኛው
በካርታ ግፊት አይገመትም። ውስጡ የሚታይ የ20 ሜትር ቱቦ፣ ውሃ፣ ሜትር የተጻፈባቸው ሁለት እንጨቶች ያዢ። ከላይ ጀምረሽ አንድ ሜትር ተኩል እያወረድሽ ሂጂ፣ እያንዳንዱን ጻፊ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ይዋሻል፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ይዘሽ ውሃው እኩል መቆሙን እይ።

ምንጭ ዳር
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ከአንድ የሠፈሩ ልጅ ጋር 19 ጊዜ አወረድን። 27.4 ሜትር ወጣ እንጂ 32 አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ደገምነው፣ 27.5።

ካርታ ቤት
የቱቦውን እመኚ። ያ ዲኢኤም በጥቂት ሜትር መሳሳቱ የተለመደ ነው። 27.4 ማለት 2.7 ባር ያህል ነው፣ ቧንቧው ላይ የሚባክነው ሳይቀነስ። "ለ"ስ?

ምንጭ ዳር
"ለ" 17 ሜትር። መቆፈሩ ቀላል ነው፣ ግን አፈሩ ዋልካ ነው፣ አሁን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። "ሀ" ቀይ አፈር ነው። ኮሚቴው ለመንገድ ስለሚቀርብ "ለ"ን ይፈልጋል።

ባለ ሮቶ
ለመንገድ የሚቀርበው ይሻላል፣ ሮቶውን ማን ይሸከመዋል?

ግንበኛው
ባዶውን ሰው ተጋግዞ ያወጣዋል። ዋልካ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ኮንክሪቱንም ይዞት ይሄዳል። ዋልካው ስንት ድረስ ይወርዳል? አንድ ሜትር ከሆነና ከሥሩ ድንጋይ ካለ ጠርጎ ማውጣት ይቻላል። ቆፍራችሁ አሳዩኝ።

ምንጭ ዳር
ቅዳሜ እናስቆፍራለን።