የእንግዴ ልጁ ልኬት ሁለት ዓይነት ሆነብኝ

የ20 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት የጽንሱን አካል በዝርዝር የሚያየውን አልትራሳውንድ ተነሳሁ። አንጎሉ፣ አከርካሪው፣ ኩላሊቱ ደህና ናቸው ተባልኩ። የእንሽርት ውሃውም በጥልቁ ቦታ 5 ሴንቲሜትር ስለሆነ በቂ ነው። ልቡ ግን በደንብ አልታየም። ልጁ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ጎኔን ቀየርኩ፣ ወጥቼ ተንሸራሸርኩ፣ ወይ ፍንክች! ለልቡ በ22 ሳምንት ተመለሺ ብለውኛል።

ግራ ያጋባኝ እንግዴ ልጁ ነው። ከኋላ በኩል ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሽንቴን ይዤ ሲለኩት ጠርዙ ከማህፀን በር የውስጥ አፍ 1.2 ሴንቲሜትር ራቀ። ሸንቼ ስመለስ 2.1 ሆነ። ባለሙያዋ የሞላ ፊኛ የማህፀኑን የታችኛ ክፍል ስለሚጫን ልኬቱን ያሳስታል አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ግን የሰፈረው 1.2 ነው፤ "ዝቅ ያለ" ተብሎ። ከ2 በላይ ቢሆን ያ ቃል ባልተጻፈ ነበር። ደም አላየሁም፣ ሕመምም የለኝም።

በ22 ሳምንቱ ቀጠሮ በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ እንደገና እንዲለኩልኝ ልጠይቅ፣ ወይስ ማህፀኑ ሲያድግ እንግዴ ልጁ ከበሩ ሊርቅ ስለሚችል እስከ 32 ሳምንት ልጠብቅ?