ለተቀጥላ ኩባንያችን የሸጥነው ቆርቆሮ፦ መጋዘን ውስጥ የቀረው ትርፍ እንዴት ይወጣል?

ቦርከና፣ ከኮምቦልቻ (ጠያቂ)

የምሠራው በአንድ የቆርቆሮና የሚስማር ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው። ደሴ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ሥራ የጀመረ ኩባንያ አለን፤ ድርሻችን 80 በመቶ ነው። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ድረስ ታክስ ሳይጨምር የ12,000,000 ብር ዕቃ ሸጥንለት፤ ለእኛ የወጣበት 9,600,000 ብር ነበር። እነርሱ ግን ከእኛ የገዙትን 11,700,000 ብር ብለው መዝግበዋል፤ በቆጠራም የ2,700,000 ብር ዕቃ ቀርቷቸዋል። ሁለቱን መግለጫዎች ሳጠቃልል 12,000,000 ብሩን ከሽያጭ፣ 11,700,000 ብሩን ከግዢ ሰርዤ 300,000 ብሩን «ልዩነት» በሚል መስመር አስቀመጥሁት። ኦዲተሩ ልዩነቱን አልተቀበለውም፤ ክምችቱም ከሚገባው በላይ ነው ብሎኛል። ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጦሳ፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ ኦዲተሩ ስለ ክምችቱ የተናገረው ትክክል ነው። ደሴ ያለው ዕቃ በዚያ ኩባንያ መዝገብ ላይ የተቀመጠው እናንተ በሸጣችሁበት ዋጋ ስለሆነ፣ ገና ለውጭ ደንበኛ ያልተሸጠ ዕቃ የእናንተን ትርፍ ተሸክሞ ተቀምጧል ማለት ነው። ያን ትርፍ ከክምችቱ ቀንሰህ በሽያጭ ወጪው ላይ ትጨምረዋለህ። በ9,600,000 ብር ላይ 2,400,000 ብር አትርፋችኋል፤ ይህም 25 በመቶ ነው። ስለዚህ የ2,700,000 ብሩ 25 በመቶ 675,000 ብር ይሆናል። የእናንተ ድርሻ 80 በመቶ በመሆኑ የምትሰርዘው 540,000 ብር ብቻ ነው። የ300,000 ብሩ ልዩነት ምናልባት የአመዘጋገብ ስሕተት ይሆናል፤ ከደሴዎቹ ጋር ተነጋገሩበት።

መርሳ፣ ከወልድያ

እኛም ተመሳሳይ ጉዳይ ገጥሞን ነበር። እናት ኩባንያው በመዝገቡ 1,500,000 ብር ዋጋ የነበረውን የጭነት መኪና ለተቀጥላው በ2,000,000 ብር ሸጠለት። የቀረው የአገልግሎት ዘመን 5 ዓመት ስለነበር 500,000 ብሩን ትርፍ በአንድ ጊዜ ሰርዘን፣ በተቀጥላው መዝገብ ከሚገባው በላይ የሚታሰበውን 100,000 ብር የእርጅና ተቀናሽ በየዓመቱ እንመልሳለን። እናንተም ትርፉን በ5 ዓመት ብትከፋፍሉት የሚቀል ይመስለኛል።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ መርሳ፣ የመኪናው አሠራራችሁ ልክ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። መኪና ትርፉን የሚለቀው በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ እያረጀ ሲሄድ ነው፤ ቆርቆሮ ግን ከመጋዘን ወጥቶ ለገበሬው በተሸጠበት ቀን ትርፉን በአንድ ጊዜ ይለቃል።

ወደ ጠያቂው ልመለስና፣ የትርፉ ስሌት የሚቆመው በልዩነቱ ላይ ስለሆነ በ300,000 ብሩ እጀምራለሁ። በሰኔ የመጨረሻ ቀናት ከኮምቦልቻ ተጭኖ የወጣ፣ እናንተ ፋክቱር የቆረጣችሁለት፣ ነገር ግን እስከ ቆጠራው ሰዓት ድረስ ያልደረሰ ጭነት አለ ወይ? ይህን የምጠይቀው ሐሳቤን በቀላሉ ማረጋገጥ ስለሚቻል ነው። በእናንተ የተሰብሳቢ ሒሳብና በእነርሱ የተከፋይ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት 300,000 ሳይሆን 345,000 ብር ከሆነ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጨምሮበት የተመዘገበ አንድ ያልደረሰ ፋክቱር አለ ማለት ነው።

ቦርከና

እህቴ፣ ልክ ብለዋል። አሁን ፋይሉን አውጥቼ አየሁት፤ ልዩነቱ 345,000 ብር ነው። ሰኔ 29 የተጫነ መኪና ነበር። ወልድያ ለሚገኘው መጋዘናቸው የተላከ ሲሆን የደረሰው ሐምሌ 2 ቀን ነው።

ሐይቅ ዳር

እንግዲያው «ልዩነት» የሚለው መስመር ይጥፋ። ዕቃው ሰኔ 30 ሌሊት መንገድ ላይ የነበረ ቢሆንም ባለቤቱ ከሁለቱ ኩባንያዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱ በአንድነት ሲታይ ከቤት ያልወጣ ዕቃ ነው። በሥራ ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ በተቀጥላው በኩል 300,000 ብር በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ፣ 45,000 ብር የታክስ ተሰብሳቢ፣ 345,000 ብር ደግሞ ለእናት ኩባንያው ተከፋይ አድርገህ አስገባ። ያን ጊዜ ግዢው 12,000,000 ብር፣ የቀረው ክምችት ደግሞ 3,000,000 ብር ይሆናል፤ የሁለቱ ኩባንያዎች የእርስ በርስ ዕዳም በአንድ አኃዝ ይገናኝና ያለ ትርፍራፊ ይሰረዛል።

ቀጥሎ 12,000,000 ብሩን ከሽያጭ ዴቢት፣ ከሽያጭ ወጪ ክሬዲት ታደርጋለህ። ይህ ብቻውን ትርፉን አይነካውም፤ ሁለቱንም መስመር እኩል ያሳንሳል እንጂ። ለዚህም ነው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ሥራው ያለቀ የሚመስለው፤ ሚዛኑ ገጥሟልና። ትርፉን የሚነካው ተከታዩ ምዝገባ ነው።

እዚህ ላይ ከወንድሜ ጦሳ የምለየው በሁለት ነገር ነው። ምዝገባው ወዴት እንደሚሄድ በትክክል ተናግሯል። ነገር ግን 25 በመቶው በወጪ ላይ የተጨመረ ትርፍ ሲሆን፣ ደሴ መጋዘን ያለው 3,000,000 ብር የመሸጫ ዋጋ ነው። ከመሸጫ ዋጋ ላይ ትርፉን የምናወጣው በ25 ሳይሆን ከ125 ውስጥ በ25፣ ማለትም በ20 በመቶ ነው። ስለዚህ ያልተገኘው ትርፍ 600,000 ብር ነው፤ ይህም በሽያጭ ወጪ ዴቢት፣ በክምችት ክሬዲት ይደረጋል።

ሁለተኛው የ80 በመቶው ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ 10 ትርፉ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ያዛል፤ ድርሻችን ያህል ብቻ የሚል ነገር የለውም። የድርሻው ጥያቄ የሚመጣው የተሰረዘውን ትርፍ ማን ይሸከመዋል በሚለው ላይ ነው። እዚህ የሸጠው እናት ኩባንያው ስለሆነ 600,000 ብሩን በሙሉ የሚሸከሙት የእርሱ ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ የደሴው ኩባንያ የ20 በመቶ ባለድርሻዎች አይነኩም። ሽያጩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ግን በተለመደው አሠራር ከዚያው ላይ 120,000 ብሩ የእነርሱ ድርሻ ይሆን ነበር።

መሥራቱን ለማረጋገጥ የዕቃውን መንገድ ተከተል። በእናንተ መዝገብ የሽያጭ ወጪው 9,600,000፣ በእነርሱ ደግሞ ከ12,000,000 ላይ 3,000,000 ሲቀነስ 9,000,000 ብር፣ በድምሩ 18,600,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 12,000,000 ቀንሰህ 600,000 ስትጨምር 7,200,000 ብር ይመጣል። ፋብሪካው ካመረተው ውስጥ ለውጭ ሰው የተሸጠው ሦስት አራተኛው ነው፤ የ9,600,000 ብሩ ሦስት አራተኛም ያው 7,200,000 ብር ነው። ይህ ካልገጠመልህ ከላይ ካሉት ምዝገባዎች አንዱ ተሳስቷል።

ጦሳ

ስለ መቶኛው ተቀብያለሁ፤ ለዓመታት እንዲያው ስሠራበት የኖርሁት ስሕተት ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እናት ኩባንያው በ2,400,000 ብሩ ትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር ከፍሏል። 600,000 ብሩን ከትርፍ አውጥተን ግብሩን ባለበት ብንተወው አይጣረስም?

ሐይቅ ዳር

ይጣረሳል፤ ስለዚህ ግብሩም ይከተለዋል። ግብር ሰብሳቢው የሚያውቀው ሁለቱን ኩባንያዎች ለየብቻ እንጂ ሲጠቃለሉ አይደለም። ደሴ ያለው ዕቃ ለግብር ስሌት ዋጋው 3,000,000 ብር ሲሆን፣ በተጠቃለለው መግለጫ ግን 2,400,000 ብር ሆኗል። በዚህ የ600,000 ብር ልዩነት ላይ 30 በመቶ፣ ማለትም 180,000 ብር ዲፈርድ ታክስ በሀብት በኩል ዴቢት፣ በግብር ወጪ ክሬዲት ይደረጋል። የሚወሰደው የገዢው ኩባንያ የግብር ምጣኔ ነው፤ እዚህ የሁለቱም አንድ ስለሆነ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ በዓመቱ የተጣራ ትርፍ ላይ የሚደርሰው ቅናሽ 420,000 ብር ብቻ ነው።

ሳይጠየቅ የሚታለፍ፣ እኔም በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ግን በ2018 የሚመጣው ነው። እነዚህ ምዝገባዎች በሥራ ወረቀት ላይ እንጂ በሁለቱ ኩባንያዎች መዝገብ ላይ አይገቡም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱን መግለጫዎች ይዘህ ስትቀመጥ የእናት ኩባንያው ያልተከፋፈለ ትርፍ ያንን 600,000 ብር እንደያዘ ይመጣል፤ የዘንድሮውን ስረዛ አያውቀውም። ስለዚህ በ2018 መጀመሪያ 600,000 ብሩን ከተሻገረው ያልተከፋፈለ ትርፍ ዴቢት፣ ከሽያጭ ወጪ ክሬዲት ታደርጋለህ። 180,000 ብሩን ደግሞ በግብር ወጪ ዴቢት አድርገህ በዚያው በተሻገረው ትርፍ ክሬዲት ታደርገዋለህ። ዕቃው በ2018 ከተሸጠ ትርፉ በዚያ ዓመት ተገኘ ማለት ነው። ይህን የረሳ ሰው የሚታወቀው፣ የ2018 መነሻ ያልተከፋፈለ ትርፉ ካለፈው ዓመት መዝጊያ በ420,000 ብር በልጦ ሲገኝ ነው። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ማብቂያ ክምችት በራሱ አዲስ ስሌት ይሰረዛል።

ቦርከና

በጣም አመሰግናለሁ። ስሌቱ ከ7,200,000 ብሩ ጋር ገጥሞልኛል። አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከተቆጠረው 2,700,000 ብር ውስጥ 400,000 ብሩ ሚስማር ነው፤ ደሴዎቹም ከእኛ ሌላ ከአንድ አዲስ አበባ ነጋዴ እየገዙ በአንድ የዕቃ ኮድ መዝግበውታል። የትኛው የእኛ እንደሆነ አይለይም።

መርሳ

በአማካይ ዋጋ ከመዘገቡት አይለይም፤ ተስፋ ቁረጡ። እኛ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከእናት ኩባንያው የሚመጣውን ለብቻ በሌላ ኮድ ማስገባት ጀምረናል።

ሐይቅ ዳር

አብሽር፣ የችግሩ መጠን ከእነ ወሰኑ ይታወቃል። ሚስማሩ በሙሉ የውጭ ግዢ ቢሆን እንኳ ስረዛው የሚቀንሰው የ400,000 ብሩን 20 በመቶ፣ ማለትም 80,000 ብር ነው። ስለዚህ ያልተገኘው ትርፍ ከ520,000 አይወርድም፣ ከ600,000ም አይወጣም። በዓመቱ ከእናንተና ከነጋዴው የተገዛውን የሚስማር መጠን በኪሎ አነጻጽረህ በዚያው ልክ ብትከፍለው ምክንያታዊ ነው፤ ኦዲተሩ መቀበል አለመቀበሉን ግን ከወዲሁ ልነግርህ አልችልም።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ 20 በመቶው ነው። የዓመቱ አማካይ ነው እንጂ ሰኔ ላይ የቀረው ዕቃ የመጣበት ፋክቱር ትርፍ አይደለም። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 መጨረሻ ወዲህ የጥሬ ዕቃችሁ ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ተቀያይሮ ከሆነ፣ የግንቦትና የሰኔ ፋክቱሮች ትርፍ ከአማካዩ የራቀ ሊሆን ይችላል። እነዚያን ፋክቱሮች ከምርት ወጪ ካርዱ ጋር አስተያይተሃቸው ታውቃለህ?

ቦርከና

አላስተያየሁም። ነገ ከምርት ክፍሉ የወጪ ካርዱን አስወጥቼ የምጽፍላችሁ ይሆናል።