የሱቅ ኪራይ ውል ረቂቅ እዩልኝ፦ «ቀብድ»፣ «ማንኛውም ጥገና» እና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ

የቄራዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ምድር ወለል ላይ 18 ካሬ ሜትር ሱቅ ለጽሕፈት መሣሪያና ለፎቶ ኮፒ ሥራ ልከራይ ነው። ኪራዩ በወር 15,000 ብር ነው። የተሰጠኝ ረቂቅ አንድ ገጽ ሲሆን እንዲህ ይላል፦

«የውሉ ዘመን አንድ ዓመት ሆኖ የሚታደስ ነው። ኪራዩ እንደ ገበያው ሁኔታ እየታየ ይስተካከላል። ማንኛውም ጥገና በተከራይ ወጪ ይፈጸማል። ተከራይ የሁለት ወር ኪራይ 30,000 ብር ቀብድ ከፍላለች። አከራይ ቤቱን ለራሱ ጉዳይ ሲፈልገው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያስለቅቃል።»

ለመደርደሪያ፣ ለመብራት መስመርና ለወለል 72,000 ብር ላወጣበት ነው። በስተኋላ ባለው ግድግዳ ከላይ ፎቆች የሚወርድ የፍሳሽ ቱቦ አለ፤ እርጥበቱ ከአሁኑ ይታያል። የሚፈርመው የባለቤቱ ወንድም ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ይኖራል ብለውኛል። እነዚህ አንቀጾች እንዴት ተብለው ይጻፉ?

አዲስ ጎጆ

እህቴ፣ ይህን ያህል አትጨነቂ። የኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን አንብቢ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪም ቢሆን አከራዩ እንዳሻው የሚያደርገው አይደለም። ረቂቁ ምንም ቢል አዋጁ ይበልጣል። ፈርሚና ሥራሽን ጀምሪ።

የፍርድ ቤት ደጅ

ወንድሜ፣ የአዋጁን ይዘት በትክክል ጠቅሰሃል፤ ስሙን ግን ሙሉውን አንብበው፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነው። ሱቅን አይመለከትም። ሱቅ የሚገዛው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ይህ ሕግ ደግሞ አብዛኛውን ነገር ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተዋል። ስለዚህ እህታችን ያላጻፈችውን ጥበቃ ሌላ ሕግ መጥቶ አይሰጣትም።

ከፈራሚው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። ወንድምየውን የውክልናውን ዋና ቅጂ ጠይቂው። ከውጭ አገር የተላከ ከሆነ የኤምባሲው ወይም የቆንስላው፣ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ውክልናው ጠቅላላ ቢሆን እንኳ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ መዋዋል በሕጉ እንደ አስተዳደር ሥራ ስለሚቆጠር ሥልጣኑ ይበቃዋል። አምስት ዓመት ከፈለግሽ ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። በሁለተኛ ደረጃ ባለቤቱ ባለትዳር መሆን አለመሆኑን አጣሪ። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማከራየት የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። የአንደኛው ፈቃድ የጎደለበት ውል ኋላ በፍቺ ክርክር መሐል ሲነሳ አይቻለሁ፤ ተከራዩ በሰው ጠብ ከሁለት ዓመት በላይ ተንገላታ።

ዘመኑ ሦስት ዓመት ይሁን። «የሚታደስ» የሚለው ቃል ማን እንደሚያድሰውና በምን ዋጋ እንደሚታደስ ስለማይናገር ምንም አልጨመረልሽም። ዘመኑ አልቆ አከራዩ እያወቀ በዝምታ ከቀጠልሽ ውሉ ጊዜው ያልተወሰነ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊያስወጣሽ ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ይህ ውል ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ መስከረም 30 ቀን 2021 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት የጸና ነው። ኪራዩ ለመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በወር 15,000 ብር፣ ለቀጣዮቹ 12 ወራት 16,500 ብር፣ ለመጨረሻዎቹ 12 ወራት 18,150 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውጭ በውሉ ዘመን ውስጥ ጭማሪ አይደረግም። ኪራዩ ወሩ በገባ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ በአከራይ የባንክ ሂሳብ ይከፈላል። የጳጉሜን ቀናት ለብቻቸው ኪራይ አይከፈልባቸውም።»

የጳጉሜን ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየዓመቱ ንትርክ የሚነሳበት ስለሆነ ጻፊው። አከራዩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነም 15,000 ብሩ ታክሱን ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ይነገር። 15 በመቶ ማለት በወር 2,250 ብር ነው።

ሸማቂ

ቀብዱን ግን አትንኪው! ቀብድ የተቀበለ ሰው ውል ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፤ ሕግ ነው። 30,000 ሰጥተሽ 60,000 ትወስጃለሽ። «መያዣ» ካልሽው የሚመለስልሽ ያንኑ 30,000 ብቻ ነው።

የፍርድ ቤት ደጅ

እጥፍ መመለሱ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ረሳህ፤ የቀብድ ሕግ ለሁለቱም ወገን መውጫ በር ይከፍታል። ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩ እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል። እርሷ 72,000 ብር ወለሉ ላይ አፍስሳ ስትጨርስ፣ ለሱቁ የተሻለ የሚከፍል ሰው ከመጣ አከራዩ 60,000 ብር ቆጥሮ ሰጥቶ «በሕጉ መሠረት ትቼዋለሁ» የሚል ክርክር ያነሳል። ከዚያ ውስጥ 30,000 ብሩ ቀድሞም የእርሷ ነው። እንዲህ ይጻፍ፦

«ተከራይ 30,000 (ሠላሳ ሺህ) ብር በመያዣነት አስይዛለች። ይህ ገንዘብ ቀብድም ቅድሚያ ኪራይም አይደለም። አከራይ ውሉ ባበቃና ቁልፍ በተረከበ በ15 ቀናት ውስጥ ያልተከፈለ ኪራይን፣ የመብራትና የውሃ ቀሪ ሂሳብን፣ እንዲሁም በርክክብ ሰነዱ ከሰፈረው ሁኔታ ውጭ በተከራይ ጥፋት የደረሰ ጉዳት ማስጠገኛን በደረሰኝ ብቻ ቀንሶ ቀሪውን ይመልሳል። በአገልግሎት የመጣ ተራ እርጅና እንደ ጉዳት አይቆጠርም።»

የርክክብ ሰነድ የሌለው መያዣ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ አላየሁም። ቁልፍ በምትቀበይበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ፣ የመስታወቱን፣ የመዝጊያውንና የዚያን እርጥብ ግድግዳ ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ግድግዳው ካልተጻፈ ስትወጪ ያንቺ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

ድሬ

እኔም የሱቅ ጉዳይ አለብኝ። የቀበሌ ሱቅ በአባቴ ስም ነው፣ እርሱ አርፏል። ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ውሉን ወደ እኔ ማዛወር እችላለሁ? በተረፈ እህቴ፣ ኪራይ ሁልጊዜ በደረሰኝ ክፈይ።

የፍርድ ቤት ደጅ

ወንድሜ፣ ያንተ ከመንግሥት ቤት አስተዳደር ጋር የሚያያዝ ስለሆነ ከዚህ የተለየ ነው። ለብቻው ጠይቀው፤ እዚህ ብንቀላቅለው ሁለታችሁም ትሳሳታላችሁ።

ባለ ሁለት ሱቅ

እኔ አከራይ ነኝ፤ የኛንም ወገን ስሙ። «ማንኛውም ጥገና በተከራይ» የሚለውን የምንጽፈው ለክፋት አይደለም። አንዱ ተከራዬ ሳይነግረኝ የዳቦ ምድጃ አስገብቶ መስመሩን አቃጠለው፤ ከዚያ «ቤቱ አሮጌ ነው» አለ። የፎቶ ኮፒ ማሽንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ መስመሩን ስትቀይሪ በባለሙያ እንዲሠራና ለአከራዩ እንዲነገረው ጻፊ፤ ያን ካደረግሽ ሌላውን ጥገና ለመካፈል እጁ ይፈታል።

የፍሳሹ ቱቦ ግን የአከራዩም አይደለም። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ከላይ ፎቆች የሚወርድ ቱቦ የጋራ ነው፣ የሚጠግነው ማኅበሩ ነው። ችግሩ ማኅበሩ የሚሰማው የቤቱን ባለቤት እንጂ ተከራይን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «ጠይቆ የማስጠገን ግዴታው የአከራይ ነው» መባል አለበት።

10 በመቶ ጭማሪውን ግን እኔ አልፈርምም። የዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ሦስት ዓመት አስሮ 10 ማለት ለአከራይ ኪሳራ ነው።

የፍርድ ቤት ደጅ

ስለ ቱቦው የተናገርከው ልክ ነው፤ አዋጅ 370/1995ም የጋራ መጠቀሚያዎችን ለማኅበሩ ነው የሚተወው። በመቶኛው ላይ አልከራከርህም፤ 15ም ይሁን 20፣ ቁጥሩ ከዛሬ ይታወቅ እንጂ «እንደ ገበያው» አይባል። የጥገናው አንቀጽ እንዲህ ቢሆንስ?

«የአምፖል፣ የሶኬት፣ የቁልፍ፣ የመስታወትና የመሳሰሉት ጥቃቅን ጥገናዎች የተከራይ ናቸው። የጣሪያ፣ የግድግዳ፣ የወለል ንጣፍ ሥር፣ የዋና ውሃና የፍሳሽ መስመር ጥገና የአከራይ ነው፤ የጋራ የሆነውን ከማኅበሩ ጠይቆ የማስፈጸም ኃላፊነትም የእርሱ ነው። አከራይ ጉድለቱ በጽሑፍ በተነገረው በ10 ቀናት ውስጥ ካላስጠገነ፣ ተከራይ አስጠግና ወጪውን በደረሰኝ ከኪራይ ትቀንሳለች። ተከራይ በራሷ ወጪ የምትቀይረው የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ ይሠራል፤ ከሥራው በፊት ለአከራይ በጽሑፍ ታሳውቃለች።»

አሁን ወደ ማስለቀቁ። አከራዩ «ለራሴ ጉዳይ» የሚለውን አንቀጽ ፈጽሞ አላነሳም ካለ፣ ዋጋ አውጪለት። 72,000 ብሩን ለ36 ወር ስታካፍይው ለእያንዳንዱ ወር 2,000 ብር ይደርሰዋል። በ14ኛው ወር መጨረሻ ቢያስወጣሽ 22 ወር ይቀራል፤ 44,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው።

«አከራይ ከውሉ ዘመን በፊት ውሉን ለማቋረጥ ከፈለገ የሦስት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወርም 2,000 ብር ለተከራይ ማሻሻያ ወጪ ካሳ፣ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ይከፍላል። ተከራይም በሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ይህን ካሳ አትጠይቅም። ተከራይ ኪራይ ካዘገየች አከራይ በጽሑፍ አሳውቆ 30 ቀን ከሰጠ በኋላ ካልተከፈለው ውሉን ማፍረስ ይችላል።»

ሠላሳው ቀን ከእኔ የመጣ አይደለም፤ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለተገባ የቤት ኪራይ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ነው። የ72,000 ብሩን ደረሰኞችም ከውሉ ጋር አባሪ አድርጊ። ውሉ ላይ ሁለት ምስክሮች ማስፈረምም አትርሺ።

የቄራዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድምየው ላክሁት። መያዣውንና ጥገናውን ተቀብሏል፤ ውክልናውንም አሳየኝ፣ ጠቅላላ ውክልና ነው። የባለቤቱን ሚስት ፈቃድ እንዲያስልኩ ጠይቄያለሁ። ካሳውን 1,500 ብር እናድርገው እያለ ነው። አዲስ ነገርም አመጣ፦ ውልና ማስረጃ ስንሄድ ኪራዩ 8,000 ብር ተብሎ ይጻፍ፣ ትክክለኛውን በጎን ወረቀት እንፈራረም ይላል። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የተረጋገጠ ውል ስለሚያስፈልገኝ ብዙ መከራከር አልቻልኩም።

ባለ ሁለት ሱቅ

ብዙዎች ያደርጉታል፤ ግብሩ ስለሚከብድ ነው። ሐቁን ለመናገር እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነበር።

የፍርድ ቤት ደጅ

ብዙዎች ያደርጉታል፣ ብዙዎችም ይከሰሱበታል። ከግብር ስወራው ሌላ በአንቺ ላይ የሚደርሰውን ተመልከቺ፦ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በወጪነት የሚቀበልሽ 8,000ውን ነው፤ በወር የምትከፍይው 7,000 ብር በሒሳብ መዝገብሽ ላይ የለም፣ በዚያ ላይ ትርፍ እንዳገኘሽ ተቆጥሮ ግብር ትከፍይበታለሽ። ፍርድ ቤትም ብትቆሚ ሁለት ወረቀት ይዘሽ «የትኛው እውነት ነው?» ትባያለሽ። ስለ ካሳው 1,500 ብሩን ብትቀበይ አይከፋም፤ በ14ኛው ወር ቢያስወጣሽ 33,000 ብር ነው። በ8,000ው ግን አትስማሚ። ምናልባት ሙሉው ዋጋ ከተጻፈ ኪራዩን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ ይል ይሆናል፤ ያ ከመጣ ቁጥሩን ይዘሽ ተመለሺ።