የ20 ደቂቃ ንግግሬን እንዴት ላስተካክለው?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ሥራዬ ጠባብ ነው፤ የክሊኒክ ሶፍትዌሮች የአማርኛ ስም ሲፈለግባቸው በትክክል እንዲያገኙ አደርጋለሁ። ሰው ይወቀኝ ብዬ ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ በፕሮግራመሮች ስብሰባ ላይ 20 ደቂቃ ተናገርኩ። 15ቱን በዩኒኮድ ታሪክ ፈጀሁት። የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የዋይፋይ ፓስወርድ ነበር የፈለገው።

አሁን በዌቢናር ሌላ 20 ደቂቃ አግኝቻለሁ። በቀጥታ በአንድ ስም ልጀምር አስቤያለሁ። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል። «ፀ» እና «ጸ»ን ከ«ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ» ጋር ስናጣምር ስሟ በ12 ዓይነት ይጻፋል። ከዚያ መፍትሔውን አሳያለሁ፦ ዋናው ስም ሳይነካ፣ ለፍለጋ ብቻ ፊደሎቹን ወደ አንድ ያመጣ ሌላ ዓምድ።

የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዘዴ ፀሐይ የወጣችበት «ሠረቀ» እና የሌባው «ሰረቀ» አንድ ይሆናሉ። ድክመቱን ራሴ ላንሳው ወይስ እስኪጠይቁኝ ልጠብቅ? ደግሞ የሚከፍሉኝ የክሊኒክ ባለቤቶች እንጂ ፕሮግራመሮች አይደሉም። ኮዱን ጨርሶ ባላሳይ ባለሙያዎቹ ይንቁኝ ይሆን? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።